ከድምሩ በፊት ቀኑን አረጋግጡ፤ ለወጣት የሂሳብ ባለሙያዎች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

በውጭ ምንዛሪ የተዘጋጀ ኢንቮይስ በሶፍትዌር ተነቦ ድምሩና ቀኑ ሲመጣላችሁ፣ አብዛኞቻችሁ አጥብቃችሁ የምትመረምሩት ድምሩን ነው። እኔም በጀማሪነቴ ድምሩን ሁለት ጊዜ እያመሳከርኩ ቀኑን እንደመጣ እቀበል ነበር። የተሳሳተ ድምር ግን ክፍያው ሲፈጸም ከባንክ መግለጫው ጋር ስለማይገጥም ራሱን ያጋልጣል፤ የተሳሳተ ቀን መደበቂያ አለው።

መደበቂያውን ለማየት መዝገቡን በዩሮ የሚይዝ ድርጅት 12,480.00 የአሜሪካ ዶላር የሚጠይቅ ኢንቮይስ ደረሰው እንበል። በኢንቮይሱ ላይ ያለው ቀን 06/04/2024 ነው። ላኪው ቀንን ከወር አስቀድሞ የሚጽፍ በመሆኑ ይህ ኤፕሪል 6 ማለት ነው፤ ወርን የሚያስቀድም ሶፍትዌር ግን ጁን 4 ብሎ ያነበዋል። ለስሌት እንዲቀል ተመኖቹን እኔ ልምረጥና፣ ለኤፕሪሉ ቀን 1 ዩሮ በ1.0800 ዶላር፣ ለጁኑ ቀን በ1.0900 ዶላር ይመነዘር። ተመኑ የተሰጠው 1 ዩሮ ስንት ዶላር እንደሚያወጣ በሚገልጽ መልኩ ስለሆነ ድምሩ ለተመኑ ይካፈላል እንጂ አይባዛም፤ ስለዚህ ትክክለኛው ወጪ 11,555.56 ዩሮ ሲሆን በስህተት የተመዘገበው 11,449.54 ይሆናል።

ክፍያው ጁን 20 ቀን በ1.0700 ተመን ሲፈጸም ከባንክ የሚወጣው 11,663.55 ዩሮ ነው። በትክክለኛው መዝገብ የምንዛሪ ልዩነት ኪሳራው 107.99፣ በተሳሳተው ደግሞ 214.01 ይሆናል። ወጪውንና ኪሳራውን ስትደምሩ ሁለቱም መዝገቦች 11,663.55 ላይ ይደርሳሉ። ባንኩ ይታረቃል፣ የአቅራቢው ቀሪ ሂሳብ ዜሮ ይሆናል፣ 106.02 ዩሮ ግን ከወጪ ወጥቶ የምንዛሪ ኪሳራ መስሎ ይቀመጣል። ምንዛሪ ከፍ ዝቅ ማለቱን ሁሉም ስለሚያውቅ ያን ሂሳብ ከፍቶ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም። እኔ የራሴን ስህተት ያገኘሁት ያንን ሂሳብ ለሌላ ጉዳይ ስመረምር በአጋጣሚ ነው።

ታዲያ ቀኑ በትክክል መነበቡ በምን ይታወቃል? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ኢንቮይሱ ላይ አለ። በምሳሌያችን የክፍያ ጊዜው 30 ቀን፣ የመክፈያ ቀኑም 06/05/2024 ተብሎ ተጽፏል። ቀን ቀዳሚ ሆኖ ሲነበብ ከኤፕሪል 6 እስከ ሜይ 6 ልክ 30 ቀን ይሆናል፤ ወር ቀዳሚ ሆኖ ሲነበብ ግን ከጁን 4 እስከ ጁን 5 አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህን ማመሳከሪያ ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ኢንቮይስ እንዲሠራው አድርጉ፤ የማይገጥመውን ሰው ይየው።

ኤፕሪል 6 ቀን 2024 ቅዳሜ መሆኑንም ልብ በሉ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የማጣቀሻ ተመኖቹን የሚያወጣው በሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ምንጭ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዓርቡን፣ የኤፕሪል 5ን ተመን ይወስዳል። በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፦

```
=XLOOKUP(A2, rates!A:A, rates!B:B, , -1)
```

መጨረሻ ላይ ያለው `-1` የዕለቱ ተመን ከሌለ ከእርሱ በፊት ያለውን የቅርቡን ያመጣል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ የተመን ሰንጠረዡ ከታደሰ ሦስት ሳምንት ቢያልፈው ቀመሩ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ የሦስት ሳምንት ተመን ይሰጣችኋል። እኔ የተወሰደው ተመን የወጣበትን ቀን በሌላ ዓምድ አስመጣለሁ፤ ከኢንቮይሱ ቀን ጋር ያለው ርቀት ከአራት ቀን ሲበልጥ ስሌቱን አቆማለሁ። አራት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፦ በ2024 የፋሲካ ሰሞን ከማርች 28 በኋላ የሚቀጥለው ተመን የወጣው ኤፕሪል 2 ስለነበር፣ የኤፕሪል 1 ኢንቮይስ የአራት ቀን ተመን መውሰዱ ትክክል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ በአይ.ኤ.ኤስ. 21፣ የግብይት ቀን የሚባለው ግብይቱ ለመመዝገብ መጀመሪያ ብቁ የሆነበት ቀን ነው፤ በወረቀቱ ላይ የታተመው ቀን ሁልጊዜ እርሱ አይደለም። ዕቃው በማርች መጨረሻ በእጃችሁ ገብቶ ኢንቮይሱ በኤፕሪል ቢጻፍ ተመኑ የሚወሰደው ዕቃው ከተመዘገበበት ቀን ነው። የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ ፈጽማችሁ ከሆነም፣ ያ የድምሩ ክፍል ቅድሚያው በተመዘገበበት ዕለት ተመን ይቆያል፤ ዕቃው በተመዘገበበት ቀን ተመን የሚለወጠው ቀሪው ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያነብላችሁ ሙሉውን ድምር ስለሆነ ይህን ክፍፍል ከቅድሚያ ክፍያ ሂሳቡ ላይ ራሳችሁ ፈልጋችሁ መለየት ይኖርባችኋል።