ፕሮቲን «ፈርሶ ረጋ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ በምግብ ኬሚስትሪ ፈተና ላይ እንቁላል ሲቀቀል፣ ካስተርድ ሲጠነክርና አይብ ሲሠራ ፕሮቲኑ ምን እንደሚሆን ተጠይቄ፣ ለሦስቱም «ፕሮቲኑ ፈርሶ ይረጋል» ብዬ ጻፍሁ። ያገኘሁት ግማሽ ነጥብ ነው። ስሕተቱ የኬሚስትሪ ነው ወይስ የአማርኛ?

መልስ፦ ከሁለቱም ነው፤ የሚጀምረውም «ፈርሶ» ከሚለው ቃል ነው። ግንብ ሲፈርስ ድንጋዩ ከድንጋይ ስለሚለያይ፣ ፕሮቲን ፈረሰ ሲባልም አራሚው የአሚኖ አሲዶቹ ሰንሰለት የተበጣጠሰ አድርጎ ይረዳዋል። በዲናቹሬሽን ጊዜ ግን ሰንሰለቱ አይበጠስም፤ የሚጠፋው የተጣጠፈበት ቅርጽ ነው። እኔ «መተርተር» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ልቃቂት ሲተረተር ክሩ እንዳለ ነውና። («መበላሸት» የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን የሸተተ እንቁላል ያስመስላል።)

«መርጋት» ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ የተተረተሩት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው በመካከላቸው ውሃ የሚይዝ መረብ ይሠራሉ። ቃሉ ተስማሚ ነው፤ እርጎም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። የእንቁላል ነጭ በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መርጋት ይጀምራል፤ ዋናው ፕሮቲኑ ኦቫልቡሚን ግን እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ስለሚቋቋም፣ ነጩ በደንብ የሚጠነክረው ዘግይቶ ነው። በካስተርድ ውስጥ ወተቱ ፕሮቲኑን ስለሚያሳሳው፣ ስኳሩም መተርተሩን ስለሚያዘገየው፣ መርጋቱ ወደ 80 እና 85 ዲግሪ መካከል ከፍ ይላል። ሙቀቱ ከዚህ ሲያልፍ መረቡ እየጠበበ ውሃውን ጨምቆ ያወጣዋል፤ ያኔ ካስተርዱ «ረጋ» ሳይሆን «ጓጎለ» ይባላል። ለስላሳው ወጥ ሆኖ ሲይዝ ረጋ፣ ፍርፍሩ ከውሃው ሲለይ ጓጎለ ማለት ነው፤ ይህን ልዩነት አማርኛ በሁለት ግሶች መያዙ ለተፈታኝ ትልቅ ዕድል ነው።

ነጥብዎን በእርግጥ ያሳጣዎት ግን አይቡ ይመስለኛል። የወተት ዋናው ፕሮቲን ኬዚን ከመጀመሪያውም ጥብቅ እጥፋት ስለሌለው የሚተረተርበት ነገር እምብዛም ነው። የኬዚን ቅንጣቶች ሳይያያዙ የሚንሳፈፉት ካፓ ኬዚን የተባለው ክፍል እንደ ፀጉር ከላያቸው ወጥቶ ስለሚያራርቃቸው ነው። በሬኔት ውስጥ ያለው ኢንዛይም ካይሞሲን ይህን ፀጉር አንድ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ የተላጩት ቅንጣቶችም በካልሲየም እርዳታ ተያይዘው ይረጋሉ። በአሲድ ሲሠራ ደግሞ ምንም የሚቆረጥ የለም፤ ፒኤች ወደ 4.6 ሲወርድ ቅንጣቶቹን የሚያገፋፋው ኤሌክትሪካዊ ሙል ይጠፋና ይያያዛሉ። ስለዚህ ለእንቁላልና ለካስተርድ «በሙቀት ተተርትሮ ይረጋል»፣ በሬኔት ለሚሠራ አይብ ግን «ካፓ ኬዚኑ ተቆርጦ፣ ሳይተረተር ይረጋል» ብለው ይጻፉ።