ጥያቄና መልስ፦ በቅናሽ የተሸጠ ቦንድና የወለድ ወጪው

ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ድርጅታችን የ1,000,000 ብር ቦንድ ለ3 ዓመት በ8 በመቶ ወለድ አወጣ። ገበያው 10 በመቶ ስለሚፈልግ የተሸጠው በ950,263 ነው። የጎደለውን 49,737 የዘንድሮ ኪሳራ ልበለው?

አይደለም እህቴ፣ ማንም አልከሰረም። ገዢው በየዓመቱ የሚቀርበትን 2 በመቶ አስልቶ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ ቀነሰው። ቅናሹ የሦስቱም ዓመት የብድር ዋጋ ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ወለድ ወጪ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ከዕዳው ላይ ተቀንሶ ይታያል፤ ዕዳችሁ ዛሬ 950,263 ነው።

ያቺው ጠያቂ፦ የመጀመሪያውን ዓመት ወለድ 100,000 ብዬ መዘገብኩ፤ ኦዲተሩ መለሰብኝ።

10 በመቶውን ያሰላሽው በ1,000,000 ላይ ነዋ! እጃችሁ የገባው 950,263 ነው፤ ወለዱም የሚታሰበው በእሱ ላይ ነው።

```
ዴቢት   የወለድ ወጪ      95,026
ክሬዲት  ጥሬ ገንዘብ       80,000
ክሬዲት  የቦንድ ቅናሽ     15,026
```

15,026ቱ ዕዳውን ወደ 965,289 ያሳድገዋል። የሁለተኛው ዓመት ወለድ የዚህ 10 በመቶ፣ 96,529 ነው፤ የሦስተኛው 98,182። መጨረሻ ላይ ዕዳው ልክ 1,000,000 ላይ ካረፈ ሥራሽ ትክክል ነው። በአንቺ አካሄድ በየዓመቱ 20,000 ቢጨመርበት ኖሮ 1,010,263 ደርሶ ማንም የማይጠይቃችሁ ዕዳ መዝገብ ላይ ይቀር ነበር።

ከአሜሪካ፦ ለምን ትደክማላችሁ? ቅናሹን ለ3 አካፍሎ በየዓመቱ 16,579 ማስገባት ነው። እኛ እዚህ እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ድምሩ አንድ ነው።

በድምሩ ልክ ነህ፤ በሁለቱም መንገድ 289,737 ይመጣል። የአሜሪካው ደንብም ልዩነቱ ጉልህ እስካልሆነ ድረስ ይፈቅድላችኋል። ኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተቀብላለች፤ እዚያ የእኩል ክፍፍል አማራጭ የለም። እኩል ስታካፍል የወለድ ወጪው በየዓመቱ 96,579 ነው፤ ዕዳው ግን ስለሚያድግ መጠኑ በመጀመሪያው ዓመት 10.16፣ በሦስተኛው 9.82 በመቶ ሆኖ ይታያል። ብድሩ ግን የተወሰደው በአንድ ዋጋ፣ በ10 በመቶ ነው።

ከአሜሪካ፦ የ1,500 ብር ልዩነት ማን ያየዋል?

በዚህ ቦንድ ላይ ኦዲተሩ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን አልሠራውም፤ ነገ ትልቅ ቦንድ ሲመጣ ያው ሰንጠረዥ ነው የሚገለበጠው።

ጡረተኛ፦ የግምጃ ቤት ሰነድ በቅናሽ ገዝቻለሁ። ቅናሹ ወጪዬ ነው ማለት ነው?

ጋሼ፣ እርስዎ አበዳሪ ነዎት፤ ስለዚህ የእርስዎ ገቢ ነው። የግምጃ ቤት ሰነድ በየጊዜው ወለድ አይከፍልም፤ በገዙበትና በሚመለስልዎ ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ወለድዎ ነው።

ጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ቦንዱን ላሻሻጠልን 10,000 ብር ከፍለናል። እሱስ?

ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ጥሩ ነበር፤ ቁጥሩን ሁሉ ይቀይረዋል። እሱም ከዕዳው ይቀነስና መነሻው 940,263 ይሆናል፤ 10 በመቶውም አይሠራም። አዲሱን መጠን ኤክሴል ያወጣልሻል፦

```
=RATE(3,-80000,940263,-1000000)
```

10.42 በመቶ ገደማ ይሰጥሻል። ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረሽ በእሱ እንደገና ሥሪው፤ መጠኑን ግን ሳታጠጋጊ ከነአስርዮሹ ያዢ፣ አለዚያ መጨረሻው 1,000,000 ላይ አያርፍልሽም።