«እሾህና ጽጌረዳ» ስለ ምን የሚያወራ መጽሐፍ ነው?

«ፋብሪካ ውስጥ 12 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን 7 ዓመታት የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ። ከተራ ሠራተኝነት ወደ ኃላፊነት ለሚያድጉ ሰዎች 11 ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ። ርዕሱን «የአመራር ጥበብ፦ ንድፈ ሐሳብና ተግባር» ልለው ነበር። ጓደኞቼ «ደረቅ ነው» አሉና «እሾህና ጽጌረዳ» የሚለውን በአንድ ድምፅ መረጡልኝ። መጽሐፉ በዚሁ ጉዳይ የአሠልጣኝነት ሥራ እንዲከፍትልኝ እፈልጋለሁ። ማውጫውን አያይዤ ልኬያለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ንዑስ ርዕስስ የግድ ያስፈልጋል?»

እህቴ፣ ሁለቱንም ተያቸው።

«እሾህና ጽጌረዳ» ያምራል፣ አልዋሽሽም። ግን መጽሐፉን ያላየ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ምን ያስባል? ግጥም ይሆናል፣ ስለ ትዳር ይሆናል፣ የፍቅር ልብ ወለድም ይሆናል። ጓደኞችሽ የወደዱት ውስጡን ስለሚያውቁ ነው፤ እሾሁ ምን እንደሆነ አንቺው ነግረሻቸዋል። መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ግን አንቺን አጠገቡ አያገኝሽም። ይህን ከራሴ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ሙያ መቀየር ለሚፈልጉ ሰዎች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፌ «መሻገሪያ» አልኳት፤ ንዑስ ርዕስም አላደረግኩላትም። አንድ መጻሕፍት መደብር ገብቼ ብፈልጋት ከመንፈሳዊ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አገኘኋት። ሻጩን መውቀስ አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማስቀምጣት።

«የአመራር ጥበብ» ችግሩ ሌላ ነው። እሱ የትምህርቱን ስም ይናገራል፣ አንባቢው ምን እንደሚያገኝ ግን አይናገርም። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ የማኅበር ሰብሳቢ፣ ሁሉም «አመራር» ውስጥ ይገባል። ለሁሉም የሆነ ርዕስ ደግሞ ማንንም «ይህ ለእኔ ነው» አያሰኝም። በዚህ ላይ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት የተሞከረ ነገር አለ። አሜሪካዊው አሳታሚ ኢማኑኤል ሃልደማን-ጁሊየስ ካንሳስ ውስጥ በአምስት ሳንቲም የሚሸጡ ትንንሽ መጻሕፍት ያሳትም ነበር። ሽያጩ የወረደውን መጽሐፍ ይዘቱን ሳይነካ ርዕሱን ብቻ ይለውጥና ይጠብቃል። የጀርመናዊውን ፈላስፋ የሾፐንሃወርን «የክርክር ጥበብ» የሚፈልገው ሰው አልነበረም፤ «በአመክንዮ እንዴት መከራከር ይቻላል» ብሎ ሲያወጣው ወደ 30,000 ቅጂ እንደተሸጠ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ያው ጽሑፍ ነው፤ «ጥበብ» የሚለው ወጥቶ አንባቢው የሚችለው ነገር ገባ። የአንቺም ርዕስ «ጥበብ» እንዳለበት ልብ በይ። በነገራችን ላይ ያው ሰውዬ አንዳንዱን ቁም ነገር የፍቅር ቅሌት በሚያስመስል ርዕስ ሸጦታል፤ እሱን አትከተዪ።

ስለዚህ ከርዕስ በፊት ሌላ ነገር ጻፊ። በ7 ዓመት ውስጥ አዲስ የተሾሙ ሰዎች ወደ አንቺ መጥተው አማክረውሻል። ምን አሉሽ? «የአመራር ክህሎት ይጎድለኛል» ያለሽ አንድ ሰው እንኳ እንደሌለ እወራረዳለሁ። «ጓደኞቼ አልሰማ አሉኝ»፣ «ትናንት አብሬው ስስቅ የነበረውን ሰው ዛሬ አረፈድክ ብዬ እንዴት ልናገረው?»፣ «ፈቃድ ከለከልኳትና ሰላምታ ነፈገችኝ» ነው የሚሉት። እነዚህን ቃላት እንደተነገሩ ወረቀት ላይ አስፍሪ፤ አታሳምሪያቸው። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ከማንበቡ በፊት ያልቻለውን ምን ማድረግ እንደሚችል ጻፊ። «ይማራል»፣ «ይረዳል»፣ «ግንዛቤ ያገኛል» የሚሉትን ራስሽን ከልክዪ። አንድ ሰው በዓይን አይቶ «አዎ፣ አድርጎታል» ሊል የሚችለው ድርጊት ይሁን።

እኔ ማውጫሽን ይዤ ሞክሬዋለሁ። ከ11ዱ ምዕራፎች 8ቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ከእኩዮቹ መካከል ተነስቶ አለቃ የሆነ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር። የመጀመሪያዎቹ 3ቱ ግን የአመራር ንድፈ ሐሳቦች ታሪክ ናቸው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ሆነ፦ «ባልደረቦቹ ላይ የተሾመ ሰው፣ ሥራ ማዘዝ፣ ስህተት መንገርና እምቢ ማለት ይችላል።» ይህ ጨዋ ቃል ኪዳን ነው፤ 8 ምዕራፍ ይደግፈዋል። ንድፈ ሐሳቡ ግን ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ አጣ። ይህ ሲሆን የጎደለው ርዕሱ አይደለም፣ መጽሐፉ ነው። ሦስቱን ምዕራፎች አሳጥረሽ ወደ መጨረሻ ውሰጃቸው፤ አለበለዚያ በርዕሱ ተስቦ የገዛ ሰው የተባለለትን ነገር ሳያገኝ ሦስት ምዕራፍ ይገፋል፣ ብዙው ደግሞ እዚያው ይተወዋል።

አሁን ሥራውን ለሁለቱ እናከፋፍል። ዋናው ርዕስ የሚታወስና በአፍ የሚነገር ይሁን፣ ከሁለት እስከ አምስት ቃል ይበቃዋል። ንዑስ ርዕሱ ደግሞ ለማን እንደሆነና ምን እንደሚያስችል በግልጽ ይናገር። እና አዎ፣ ላንቺ መጽሐፍ የግድ ነው።

ለዋናው «ትናንት ባልደረባ፣ ዛሬ አለቃ» የሚለውን አስቤልሻለሁ። አንባቢሽ ያለበትን ሁኔታ በአራት ቃል ያሳየዋል። «ኃላፊ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው። አንደኛ ሰው ሲያወራ «አለቃዬ» ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ «ኃላፊ»ን አንዱ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ»፣ ሌላው በ«ሃ» ይጽፈዋል፤ ብዙ የመፈለጊያ ሣጥኖች እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ስለሚያዩ የጻፈው ሰው መጽሐፍሽን ሊያጣው ይችላል። ንዑስ ርዕስሽ ውስጥ «ሥራ» መግባቱ ስለማይቀር፣ መጽሐፉ በኢንተርኔት ሲመዘገብ በመግለጫው ውስጥ «ስራ» የሚለውን አጻጻፍም አንድ ቦታ አስገቢበት።

ንዑስ ርዕሱ ላይ ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ የወደቅኩበትን ላሳይሽ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚወድቀው እዚያው ነው።

መጀመሪያ «ውጤታማ መሪ የመሆን ምስጢር» ብዬ ጻፍኩ። «ውጤታማ»ን አውጥቼ «ጠንካራ» ብተካበት ምንም አይለወጥም፤ ቃል ሲቀየር ትርጉም ካልተቀየረ ቃሉ መጀመሪያውኑ ባዶ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ «በ30 ቀናት የሚከበር አለቃ ለመሆን» አልኩ። ይህ ግልጽ ነው፣ ቁጥርም አለው፣ ሊሸጥም ይችላል። ነገር ግን መከበር በሌሎች ሰዎች ልብ ያለ ነገር ነው፤ ደራሲ የማያዝበትን ቃል መግባት የለበትም። መጽሐፍሽ ውስጥ ደግሞ የ30 ቀን መርሐ ግብር የለም። ቁጥር ርዕስ ላይ የሚወጣው ውስጥ ሊቆጠር ሲችል ነው። ሦስተኛው «ወዳጅነትን ሳያጡ ቡድን መምራት» ነበር፤ እሱን ወድጄው ነበር። ከዚያ ማውጫሽን እንደገና ሳየው ምዕራፍ 9 «ያጣኋት ጓደኛ» ይላል። የመጽሐፍሽ ሐቀኛው ክፍል ርዕሱን ውሸት ሊያደርገው ነበር።

የመጨረሻው ይኸውልሽ፦

ትናንት ባልደረባ፣ ዛሬ አለቃ
አብረው ለሠሩት ሰው ሳይሸማቀቁ ሥራ ማዘዝ፣ ስህተት መንገርና እምቢ ማለት

«ሳይሸማቀቁ» የገባው ወዳጅነት ባይተርፍም መሸማቀቁ ሊቀር ስለሚችል ነው፤ እሱ በአንባቢው እጅ ነው። ግሦቹን ደግሞ «እዘዝ»፣ «ንገር»፣ «እምቢ በል» ያላልኩት አማርኛችን ወዲያው ወንድ ወይም ሴት ብሎ ስለሚከፍል ነው። «ቡድንህን ምራ» ብትዪ ግማሹን አንባቢሽን ከሽፋኑ ላይ አስወጣሽ። «ማዘዝ፣ መንገር፣ ማለት» ብትዪ ሁሉም ይገባበታል።

ይህን እንደ እግዚአብሔር ቃል አትያዢው፤ ፈትኚው። ግን እንደ በፊቱ «የቱ ያምራል?» ብለሽ አትጠይቂ። እሱን የጠየቅሻቸው ጊዜ ጓደኞችሽ ጥያቄሽን በትክክል መልሰውልሻል፤ ያልተስተካከለው ጥያቄው ነው። መጽሐፉን የማያውቁ፣ በቅርቡ የተሾሙ ስምንት ወይም አሥር ሰዎች ፈልጊ። ርዕሱንና ንዑስ ርዕሱን ወረቀት ላይ ጽፈሽ እስኪያነቡት አሳዪና መልሰሽ ደብቂው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ «ለማን የተጻፈ ይመስልሃል?» «ያነበበው ሰው ምን ያደርጋል?» መልሳቸው «ስለ አመራር ነው» ከሆነ አልሠራም። «እንደ እኔ ላለ ሰው ነው» ያሉሽ ዕለት ደርሰሻል። በማግስቱ ደውለሽ ርዕሱን ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቂ፤ ስታነሺላቸው «ምን አልሽ?» ካሉ በጆሮ አይገባም ማለት ነው። ንዑስ ርዕሱን ማንም ቃል በቃል አያስታውሰውም፣ እሱ አያስጨንቅሽ።

ሽፋኑ ሲነደፍም በስልክ ላይ እንደ አውራ ጣት ጥፍር አሳንሰሽ እዪው። ዋናው ርዕስ በዚያ መጠን መነበብ አለበት። ንዑስ ርዕሱ ባይነበብም መጽሐፉ በሚሸጥበት ገጽ ላይ ከሽፋኑ አጠገብ ተጽፎ ስለሚወጣ ችግር የለውም።

የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ማለትም አይኤስቢኤኑን፣ ርዕሱ ሳይቆረጥ አትውሰጂ፤ ከታተመ በኋላ ርዕስ ከተለወጠ አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል። በተጨማሪ ርዕሱ በሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ እንዳለ ፈልጊ። በብዙ አገር የቅጂ መብት ሕግ ርዕስን ለብቻው ስለማይጠብቅ ሕግ ላያግድሽ ይችላል፣ ነገር ግን አንቺን የፈለገ ሰው ሌላውን ይገዛል።

ስለ አሠልጣኝነቱ ደግሞ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥን ድርጅት የሚፈልገው ርዕሰ ጉዳይ ሳይሆን ያለበት ችግር መፍትሔ ነው። «የአመራር ጥበብ አሠለጥናለሁ» ብለሽ ብትሄጂ ከብዙዎች አንዷ ነሽ። «ከባልደረቦቻቸው መካከል ለተሾሙ አለቆች» ብትዪ፣ በዚያ ወር ስድስት ሰው የሾመው ድርጅት ለማን እንደምትሆኚው ወዲያው ይገባዋል። ንዑስ ርዕሱ ውስጥ ያሉት ሦስቱ ግሦች እንዳሉ የሥልጠናሽ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይሆናሉ።

«እሾህና ጽጌረዳ»ን ግን አትጣዪው። ምዕራፍ 9ን አንብቤ ባላውቅም፣ ስለዚያች ጓደኛሽ ከሆነ የምዕራፉ ስም ያ ቢሆን ደስ ይለኛል። እዚያ የሚደርሰው አንባቢ እሾሁ ምን እንደሆነ ያውቃል።