50 ሲደመር 50 ለምን 100 አልሆነም፦ ስለ ኤታኖልና ውሃ ላብ ለተጠየቀው መልስ

«50 ሚሊ ኤታኖልና 50 ሚሊ ውሃ ቀላቅዬ 97 አካባቢ ሆነብኝ። ፈሶብኝ ይሆን? ደግሞ ከፒክኖሜትር ዳታ ፓርሻል ሞላር ቮልዩም አውጡ ተብለናል። ምንም ውሃ ያልተጨመረበት ኤታኖል ላይ ራሱ 57.4 ወጣልኝ፣ መጽሐፉ 58.7 ይላል። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አልፈሰሰብህም ወንድሜ። የሚያጠራጥረው ከ100 መጉደሉ ሳይሆን 97 ላይ መቆሙ ነው። ንጹህ ኤታኖልና ውሃ በ25 ዲግሪ እኩል 50 ሚሊ ሲቀላቀሉ ወደ 96.5 ነው የሚመጣው። ያቺ ግማሽ ሚሊና ያ 57.4 ከአንድ ጠርሙስ የወጡ ይመስለኛል።

1. ጠርሙሱን አዙረህ ጽሑፉን አንብብ። ከስቶር «ኤታኖል» ተብሎ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 96 ፐርሰንት ነው፣ የላብ ማኑዋሉ ደግሞ አብሶሉት፣ ማለትም ውሃ የሌለበት፣ መሆን እንዳለበት ሳያስጠነቅቅ ያልፋል። 96ቱ በቮልዩም ነው። በክብደት ሲሆን 93.8 ፐርሰንት ይሆናል፣ በሞል ፍራክሽን ደግሞ ወደ 0.856 ይወርዳል። ማለትም ከየሰባቱ ሞለኪውል አንዱ ውሃ ነው፤ አንተ ግን የኤታኖሉን ሞል ፍራክሽን x = 1 ብለህ ነው ግራፉ ላይ ያስቀመጥከው። ማረጋገጫው እጅህ ላይ አለ፦ 46.07ን ለ57.4 ስታካፍል 0.803 ታገኛለህ። የአብሶሉት ዴንሲቲ በ25 ዲግሪ 0.785 ነው፤ 0.803 ደግሞ ልክ የ96ቱ ዴንሲቲ ነው።

ጠርሙሱን መጣል የለብህም፣ ውሃውን ቁጠርለት እንጂ። ከዚያ ጠርሙስ 50 ግራም ስትመዝን 46.9 ግራም ኤታኖልና 3.1 ግራም ውሃ ጨመርኩ ብለህ ነው x የምታሰላው። የንጹሁን ኤታኖል 58.68 ከሠንጠረዥ ውሰድ፣ የውሃው 18.07 ነው።

97 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ከመግዛትህ በፊት ከኤታኖሉ ጋር ተጨማድዶ ያለቀ ስለሆነ አንተ ጋ ሲደርስ የሚጎድለው ያንሳል። በ96ቱ ሲሰላ 97.0 ይመጣል። ግን ለሪፖርት በዚህ አትመካ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ወደ 7 ዲግሪ ይሞቃሉ፣ ሳይበርድ ካነበብከውም በመስፋፋት ብቻ ግማሽ ሚሊ ይጨምራል። የ100 ሚሊ ሲሊንደር ደግሞ ይህችን ግማሽ ሚሊ ለይቶ አያሳይም። ሲሊንደሩ ለማሳየት ነው፣ ለመለካት አይደለም።

2. ድብልቁን በሚሊ ሳይሆን በሚዛን አዘጋጅ፤ መጀመሪያ ውሃውን ክዳን ባለው ፍላስክ፣ ከዚያ ኤታኖሉን፣ ወዲያው ክደን። ሲቀላቀሉ አየር ይለቃሉና ትንንሽ አረፋዎች ካልወጡ ፒክኖሜትር፣ ማለትም የዴንሲቲ መለኪያ ጠርሙሱ፣ ውስጥ አትጨምር። የሞላውን ፒክኖሜትር ውሃ ባዝ ውስጥ አቆይተህ በቀጭኑ ቀዳዳ የሚወጣውን ጥረግ፤ ከዚያ በአንገቱ ብቻ ያዝ። መዳፍህ ካሞቀው ፈሳሹ በቀዳዳው ይወጣና ክብደቱ ይቀንሳል። የፒክኖሜትሩን ቮልዩም በዚያው ባዝ፣ በዚያው ዲግሪ፣ በተጣራ ውሃ ለካ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን 25 ሚሊ አትመን። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ የ25ቱን ሠንጠረዥ መጠቀምም አይሆንም። ለኤታኖል ብቻ 0.3 ሚሊ በሞል ያሳስትሃል፣ የምትፈልገው ጠቅላላ ጉድለት ደግሞ 1 ገደማ ነው።

3. ታንጀንቱ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው። ጠቅላላውን ሞላር ቮልዩም በ x ላይ ብትስለው ከ18 እስከ 59 የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ይመስልሃል፤ ጉብጠቱ አይታይም፣ ታንጀንቱም የግምት ነገር ይሆናል። ይልቅ ጉድለቱን ብቻ ሳል። 50 ግራም ውሃና 50 ግራም ንጹህ ኤታኖል እንውሰድ። ሳይቀላቀሉ 50.15 እና 63.69፣ በድምሩ 113.84 ሚሊ ናቸው። የድብልቁ ዴንሲቲ በ25 ዲግሪ 0.90985 ስለሆነ 109.91 ሚሊ ይሆናል፤ የጎደለው 3.93 ነው። ውሃው 2.775 ሞል፣ ኤታኖሉ 1.085 ሞል፣ በድምሩ 3.861። ስለዚህ x = 0.281፣ ጉድለቱ በሞል −1.018። ለሁሉም ድብልቅ እንዲህ ካወጣህ በኋላ በ x ላይ ስለህ 0.281 ላይ የኩርባውን ስሎፕ ታነባለህ፤ −1.12 ገደማ ነው። ከዚያ፦

```
V_e = 58.68 + VE + (1 - x)*m
V_w = 18.07 + VE - x*m
```

VE ጉድለቱ በሞል፣ m ስሎፑ ነው። ኤታኖሉ 56.9፣ ውሃው 17.4 ይወጣል። 1.085 ሞል በ56.9፣ 2.775 ሞል በ17.4 አባዝተህ ስትደምር ወደ 110 ይመልስሃል፣ ቁጥሮቹን ካላጠጋጋህ ልክ 109.9።

ብዙ ሪፖርት ላይ ይህ ድምር «ውጤታችን ትክክል ነው» ለማለት ይቀርባል። ምንም አያረጋግጥም! ሁለቱን ቀመሮች በ x እና በ (1 − x) አባዝተህ ደምራቸው፣ m ይጣፋል። ስሎፑን −1.12 ሳይሆን +5 ብትለውም ድምሩ ያው 109.9 ነው። የሚፈትንህ ሌላ ነገር ነው፦ ጊብስና ዱሄም እንዳሉት የአንዱ ሲወርድ የሌላው መውጣት አለበት፣ ውሃ በበዛበት በኩል ደግሞ ይህ በደንብ ይታያል። ኤታኖሉ በጣም ሲሳሳ 55 አካባቢ ነው፤ ስትጨምርበት ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይሄዳል፣ x 0.08 ገደማ ላይ 53 ይደርስና ነው ወደ 58.68 የሚመለሰው። እዚያው ቦታ ላይ ውሃው ከንጹሁ ከ18.07 ትንሽ ከፍ ብሎ 18.1 ይሆናል። ይህን ጉድጓድ ስታይ የላብ ስህተት መስሎህ ነጥቡን እንዳታጠፋ። ጭራሽ ካልታየህ ግን ወይ ነጥብህ ጥቂት ነው፣ ወይ ታንጀንትህ ተንጋዷል።

ቮልዩሙ የሚጎድለው ባቄላ መሃል ጤፍ እንደሚገባው ነው የሚለውን ምሳሌም ሪፖርትህ ላይ ካለ አውጣው። ጤፍ መጠኑ አይቀያየርም፤ እዚህ ግን ያው አንድ ሞል ውሃ፣ ውሃ ላይ ሲጨመር 18 ሚሊ፣ ብዙ አብሶሉት ላይ ሲጨመር 14 ሚሊ ብቻ ነው ከፍ የሚያደርገው። የማግኒዚየም ሰልፌት ፓርሻል ሞላር ቮልዩም በጣም በሳሳ የውሃ ሶሉሽን ውስጥ −1.4 ሚሊ በሞል ነው፣ ማለትም ስትጨምረው ጠቅላላው ይቀንሳል፤ የትኛው ጤፍ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ፓርሻል ሞላር ቮልዩም የሞለኪውሉ መጠን ሳይሆን በዚያ ድብልቅ ላይ ሲጨመር ጠቅላላው የሚቀየርበት ልክ ነው፤ ጎረቤቶቹ እንዴት እንደሚጠጋጉ ጭምር አለበት። ውሃ ለብቻው በሃይድሮጅን ቦንድ የተያዘ፣ ክፍተት ያለው አደራደር አለው፤ የኤታኖሉ ጭራ ትንሽ ሲሆን እዚያ ክፍተት ውስጥ ይሸጎጣል።

ድብልቆቹን እንደገና ካዘጋጀህ በእኩል ርቀት አታድርጋቸው። በክብደት 5፣ 10፣ 15፣ 20 እና 25 ፐርሰንት ኤታኖል ላይ አምስት ነጥብ አድርግ፣ ከዚያ 40፣ 50፣ 60፣ 80 ይበቃል። 20 ፐርሰንቱ x 0.089 ላይ ስለሚያርፍ ጉድጓዱ በ15 እና በ20 መካከል ነው የሚገኘው፤ ፒክኖሜትሩን እነዚያ ሁለቱ ላይ ሁለት ሁለቴ ሙላና መዝን።