ቦልዱን አንሺና ለፊደሉ ቦታ ስጪው

«3ኛ ክፍል ያለው ልጄ ሲያነብ ቤን ቢ፣ ሴን ሲ ይላል፣ መስመርም ይዘላል፣ ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ ነው የሚያስጠጋው። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ሳይሆን አይቀርም ሲሉኝ ለሱ ተብሎ የተሰራውን OpenDyslexic የሚባለውን ፎንት ጫንኩ፣ አማርኛው ያው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ በNyala 14 ቦልድ አድርጎ አተመልኝ፣ ጭራሽ ባሰበት። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ ግን ይሻለዋል። ምን ላድርግ?» ከሐይቅ

እህቴ፣ መጽሐፉ ላይ ይሻለዋል ያልሽው ነገር ነው እኔን የያዘኝ። ፊደሉን ባያውቀው ኖሮ መጽሐፉም ላይ እኩል ይሳሳት ነበር፣ ስለዚ ጥርጣሬዬ ቦልዱ ላይ ነው። ግን ወረቀት አፍንጫው ድረስ የሚያስጠጋ ልጅ ከሁሉ በፊት ዓይኑ ይታይ። ለናንተ ደሴ ቅርብ ነው፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም የዓይን ክፍል አለው። መነጽር የሚያስፈልገውን ልጅ በፎንት እያባበልን ዓመቱ እንዳያልፍበት።

ወደ ቦልዱ ልምጣ። Nyala የራሱ ቦልድ የለውም፣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። B ስትጫኚ ኮምፒውተሩ ያንኑ ፊደል ዳር ዳሩን አወፍሮ የውሸት ቦልድ ይሰራል፣ ውፍረቱ ወደ ውስጥም ስለሚገባ የቤ ቀለበት ይደፈንና ቢ ይመስላል፣ ሴም እንደዛው ሲ ይሆናል። በዛ ላይ ያ በየቦታው የሚሞሉት ርካሽ ቶነር አለ፣ አንዱ ጋ ግራጫ ሌላው ጋ ዝርግ ነው የሚያደርገው። ስንት የፈተና ወረቀት እንዲ ተበላሽቶ መጥቶልኝ ከዜሮ ሰርቻለው! ለማረጋገጥ አንዷን ቤ በስልክ ካሜራ አጉልተሽ እያት፣ ቀለበቷ ውስጥ ነጭ ካልታየሽ ልጁ አልተሳሳተም፣ ያየውን ነው ያነበበው።

Noto Sans Ethiopic በነጻ አውርደሽ ጫኚ። ጭረቱ እኩል ነው፣ እውነተኛ ውፍረቶችም አሉት፣ Regular ወይ Medium ይበቃሻል። 18 ላይ ጀምሪ። ቁጥሩን ብቻ ግን አትመኚ፣ የNyala 14 እና የሌላ ፎንት 14 በማስመሪያ ሲለካ አንድ አይደለም። ደብዛዛ ለሚያይ ሰው የሚጠቅመው በወረቀቱ ላይ ያለው የፊደሉ ቁመትና የቀለሙ ጥቁረት ነው።

OpenDyslexic አማርኛሽን ያልነካው የግዕዝ ፊደል ውስጡ ስለሌለ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ፎንት አምጥቶ ይተካዋል። ቢኖረውም ብዙ አትጠብቂ። የሰሪዎቹ ሀሳብ የፊደሉን ታች ካከበድነው አይገለበጥም ነው፣ ግን የዲስሌክሲያ ዋናው ችግር ፊደል መገለባበጥ ሳይሆን ድምፅና ፊደልን ማገናኘቱ ላይ ነው። ይቺን ነገር ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ናትና። Dyslexie የሚባል ሌላ ተመሳሳይ ፎንት አለ፣ በፈረንጆቹ 2016 በወጣ ጥናት ልጆች በሱ ትንሽ ፈጥነው አነበቡ፣ ከዛ አጥኚዎቹ ተራውን Arial ወስደው በፊደልና በቃል መሃል ያለውን ክፍተት ልክ እንደ Dyslexie ሲያደርጉት ልዩነቱ ጠፋ። የጠቀመው ክፍተቱ ነበር ማለት ነው። ከዛ በፊት በ2012ም የጣሊያንና የፈረንሳይ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ልጆች ላይ 14 ነጥብ ጽሑፍ በየፊደሉ መሃል 2.5 ነጥብ ሲጨመርለት ስህተታቸው ቀነሰ፣ ፍጥነታቸውም ጨመረ። ምክንያቱ መጨናነቅ ነው፣ ፊደል ጎረቤቱ ሲጠጋው ለብቻው የሚለየውን እንኳ ዓይን ይደባልቀዋል። የቅዳሜ ገበያ ግፊያ ውስጥ የምታውቂውን ሰው ፊት እንደማጣት ነው። ባለቀለም ፕላስቲክ ጽሑፉ ላይ አድርጊ የሚሉሽንም ተዪው፣ ሲፈተን አልጸናም።

ይሄ የተሞከረው በላቲን ፊደል ስለሆነ አንቺ በልጅሽ ላይ ፈትኚው። ዎርድ ላይ ጽሑፉን መርጠሽ Ctrl+D፣ ከዛ Advanced፣ Spacing የሚለውን Expanded አድርጊና 2pt ስጪው። እዚ ጋ የሚበላሸው ነገር ፊደሉ ሲራራቅ ቃላቱ እርስ በርስ የተያያዙ መምሰላቸው ነው፣ ስለዚ በReplace አንዱን ስፔስ ሁለት አድርጊው። መስመሩን 1.5 አድርጊ፣ መዝለሉ ሊቀንስ ይችላል፣ በቀኝም አታስተካክዪ፣ ወደ ግራ ይሁን።

አሁን ሦስት አጫጭር ጽሑፍ ከአንድ መጽሐፍ ውሰጂ፣ ክብደታቸው እኩል የሆኑ ግን የተለያዩ፣ አንዱን በድሮው Nyala ቦልድ፣ አንዱን በNoto 18፣ ሦስተኛውን በNoto 18 ከክፍተት ጋር አትሚ፣ በጥሩ ቶነር። ድምፁን አውጥቶ ያንብብ፣ አንቺ በስልክ ሰዓት ያዢ፣ ስህተቱንም ቁጠሪ፣ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ቀይረሽ በሌላ ጽሑፍ ድገሚው። በሁለተኛው ላይ የቢና የቤ ስህተት ከጠፋ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የድሮው ህትመት ነበር። በሦስተኛው ብቻ ከተሻለው መጨናነቁ ነው ያስቸገረው፣ በክፍተቱ ቀጥዪ። በሦስቱም ላይ ድምፁንና ፊደሉን ማገናኘት ካቃተው ፎንት አይፈታውም፣ ፊደልን ከድምፅ ጋር ቀስ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ያስፈልገዋል። በNoto 18ም ወረቀቱን አፍንጫው ድረስ ካስጠጋ ደግሞ 20 ነው 24 ነው እያልሽ አትቆዪ፣ እስካሁን ካላሳየሽው ዓይኑን አሳዪው።