ጅቡ ይበላል ወይስ ይበላል?

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ነኝ። ለአጭር ካርቱን ድምፅ የሚሰጡኝ ልጆች ሐረርና አዲስ አበባ ናቸው። ስቱዲዮ የለንም፣ ሁሉም በየቤቱ በስልክ ነው የሚቀዳው። ስክሪፕቱን እንዴት ላዘጋጅላቸው? ሰዓቱ ከስዕሉ ጋር እንዲገጥምስ? ድጋሚ ማስቀዳት ሲመጣስ?»

ወንድሜ፣ እኔም ሳቢያን ቁጭ ብዬ ነው እንዲህ ያለውን የሠራሁት። የስድስት ደቂቃ ካርቱን ነበር። አንድ የራበው ጅብ፣ አንዲት ልጅና አያቷ። ጅቡ አዲስ አበባ፣ አያቲቱን የሠሩት እትዬ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ልጅቷ እዚሁ ድሬ ገንደ ቆሬ። ያቃጠለኝን በሙሉ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ጉድ የሠራኝ አንድ ቃል ነው። ልጅቷ አያቷን «ጅቡ ይበላል» ትላቸዋለች። እኔ ስጽፈው ጅቡ ራት ይበላል፣ እንጀራ ጨምሪ ለማለት ነው። ልጅቷ ግን «በ»ን አጥብቃ አነበበችው። ጅቡን ሊበሉት ነው ብላ ገብቷታል! ድምጿ ሐዘን በሐዘን ሆነ። እትዬም ያንን ቅጂ ሰምተው በዚያው ስሜት መለሱላት። አንድ ትዕይንት ሙሉ ገደል ገባ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። አጠገቧ ብሆን ኖሮ ገና አንድ ጊዜ ስታነበው አርማት ነበር። ብቻዋን ቀድታ ስትልክልኝ ግን ነገሩ አልቋል።

ከዚያ ወዲህ ስክሪፕት ከመላኬ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ትርጉም የሚያሳስት ቃል ላይ የሚጠብቀውን ፊደል አሰምርበታለሁ። «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ» ሁሌም ያደናግራሉ። ሁሉንም ቃል ግን እንዳታሰምር፣ ሰው እንደ ፊደል ቆጣሪ ማንበብ ይጀምራል።

ሌላው ደግሞ፣ ቤቱ ብቻውን የሚቀዳ ሰው የሚመልስለት የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የራሱን ንግግር ብቻ ቆርጠህ አትስጠው። ከእሱ በፊት የተባለውንም ጻፍለት። ለእያንዳንዱ ንግግር ቁጥር ስጥ፣ ሾቱ ስንት ሰከንድ እንደሆነ አስቀምጥ፣ ከጎኑ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ ምን ፈልጎ እንደሚናገር በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «በቁጣ» ብለህ ከጻፍክ ጩኸት ነው የሚመጣልህ። «ልጅቷ መራቡን እንዳታውቅበት ይፈልጋል» ብትል ግን ድምፁ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ሰዓቱ ላይ እንምጣ። አማርኛ አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ፊደል መቁጠር ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ከመጀመርህ በፊት አንድ አንቀጽ አስነብበውና በሰከንድ ስንት ፊደል እንደሚል አውጣ። የእኔ ጅብ በተለመደ ፍጥነቱ ስድስት ገደማ ነበር፣ እትዬ አራት ተኩል። ጅቡ «እኔ እኮ ትናንት ማታ ምንም አልበላሁም» የሚልበት ሾት ነበር። በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የሠራነው፣ ሾቱ 60 ፍሬም። አፉ የሚንቀሳቀሰው ከ6ኛው እስከ 54ኛው፣ ማለትም 49 ፍሬም ነው። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ንግግሩ 19 ፊደል ነው፣ ለስድስት ሲካፈል ከሦስት ሰከንድ ይበልጣል። ልጁ በፍጥነት ሊያስገባው ሞከረ፣ ጅቡ ሐራጅ የሚጠራ መሰለ።

ስለዚህ የተነካው ስክሪፕቱ ነው። «ማታ ምንም አልበላሁም» አልኩት፣ 11 ፊደል። ሰዓቱ ገባ። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ሰዓሊው ጅቡን ራሱን እንዲነቀንቅ ያደረገው ሾቱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የእኛ «አል...ም» ደግሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ። እንቢታው ከራስ መነቅነቁ ኋላ የቀረ መሰለ። እንደ ሰፈር ወሬ ገለበጥነው፦ «አልበላሁም! ማታ ምንም።» ያው 11 ፊደል፣ ራስ መነቅነቁና ቃሉ አብረው መጡ። መጨረሻው ላይ ያለው «ም» ከንፈር ስለሚዘጋ፣ ሰዓሊው የተወውን ክፍት አፍ በሁለት ፍሬም እንዲዘጋው ነገርኩት። «ም»፣ «ብ»፣ «ፕ» እና «ጵ» ላይ አፍ ካልተዘጋ ልጆች እንኳ ይነቁብሃል። ሌላው ፊደል ብዙም አያጋልጥም።

ገና ሥዕሉ ካልተሣለ ግን እንዲህ አትሰቃይ። ቀድመህ አስቀዳ፣ ሰዓሊው ድምፁን ተከትሎ ይሣል።

ቀረጻው ላይ ሁለት ስልክ ያስፈልጋል። በአንዱ ትነጋገራላችሁ፣ ሌላው ይቀዳል። በአንድ ስልክ ሁለቱንም ልሥራ ካልክ ብዙ ስልኮች ጥሪ ሲመጣ መቅጃውን ያቆማሉ። ተዋናዩ በአንድ ጆሮው ማዳመጫ ያድርግ፣ አለበለዚያ ያንተ ድምፅም አብሮ ይቀዳል። ከአፉ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ስልኩ በትንሹ ወደ ጎን ይሁን፤ «ፕ» እና «ጵ» ማይኩን እንዳይመቱት። በጥሪው የምትሰማው ድምፅ የተጨመቀ ነው፣ ስለዚህ በዚያ ሰዓት የምትፈርደው ትወናውን ብቻ ነው። ጥራቱን ፋይሉ ሲመጣ ታየዋለህ። ፋይሉን ደግሞ WAV አድርገው በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላኩ፣ የድምፅ መልእክት መላኪያውን ነክተው አይቅዱ። ስሙም 31_ayat_t2.wav ይሁን፣ የንግግሩ ቁጥር፣ ሰው፣ ስንተኛ ሙከራ። መዘግየት ስላለ ሁለቱን ተዋንያን በጥሪ ላይ እርስ በርስ ለማናገር አትሞክር፣ ምልልሱ ይንጠባጠባል። አንተ የሌላውን አንብብለት፣ ዝም በል፣ እሱ ይቅዳ። ለእያንዳንዱ ንግግር ሦስት ሙከራ ይበቃል። ጩኸትና የመውደቅ ድምፅ ሁሌም መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ካስጮህከው የቀረውን ቀን በሻከረ ጉሮሮ ነው የምትሠራው።

ስታርምም እንደ ሰዉ ነው። እትዬን «በእኔ አነጋገር ይበሉት» ብዬ ራሴ አስመስዬ ባሳየኋቸው ጊዜ ዝም አሉና «እንግዲያው አንተው ቅዳዋ!» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ «እትዬ፣ ልጅቷ ውጭ ናት፣ እንዳትሰማዎት» እል ጀመር። በሁለተኛው ሙከራ ሠሩት።

ድጋሚ ቅጂን ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ትወናው አይደለም፣ ክፍሉ ነው። ልጅቷን ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ንግግር ብቻ አስደገምኳት። በጣም ጥሩ አለችው፣ ስገጥመው ግን ሌላ ሰው መሰለች። ለካ በመጀመሪያው ቀን ቁምሳጥን አጠገብ ነበረች፣ አሁን ባዶ ሳሎን ውስጥ። ከበስተኋላዋ ደግሞ ቬንትሌተር ይሽከረከራል፤ የድሬ ሙቀት ነው፣ ማን ይፈርዳታል። በመጀመሪያው ቀን ግን ንጋት 11 ሰዓት ላይ አጥፍታ ነበር የቀዳችው።

አሁን በመጀመሪያው ቀን የቀዳበትን ቦታ ፎቶ አስነሳለሁ፣ ስልኩ የት እንደተቀመጠ ጭምር። ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ 30 ሰከንድ እንዲቀዳም አደርጋለሁ፣ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል። ድጋሚ ሲመጣ ከጥሪው በፊት የድሮውን ቅጂ እልክለታለሁ። የሚደገመውን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ያለውንም ንግግር አብሮ ይላል። ሦስቱን አንድ ላይ ሲል ጉልበቱና የድምፁ ከፍታ ይመለሳል፣ እኔ የምፈልገውን መሐሉን እቆርጣለሁ። ካልገጠመ ደግሞ ሦስቱንም ባዲሱ እተካለሁ።

ፋይሉ ላይ የድምፁ ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ሆኖ ካየኸው ግን አትድከም። ድምፁ ሞልቶ ፈሷል፣ የትኛውም ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ስልኩን ትንሽ አርቆ እንዲደግመው በዚያው ቀን ንገረው፣ ክፍሉ ገና ሳይቀየር።