ወሰኑን ከማስፋታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የብስኩት ማሸጊያ ማሽን ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሞተሩን የሚያዘው ድራይቭ ላይ ፎልት ባያችሁ ቁጥር ትዝ እንዲላችሁ እፈልጋለሁ።

ማሽኑ በደቂቃ 60 ፓኬት ያሽጋል። ብስኩቱ በሰንሰለት ይመጣል፣ ፕላስቲኩ ይጠቀለልበታል፣ መጨረሻ ላይ የጋለ መንጋጋ ጫፉን አሽጎ ይቆርጠዋል። መንጋጋው ለእያንዳንዱ ፓኬት አንድ ዙር ይዞራል። የሰንሰለቱ ዘንግ ግን በአንድ ዙር ሦስት ብስኩት ስለሚያመጣ፣ በዚያው ጊዜ የሚዞረው 1/3 ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ጥርስ የለም። የሚያዛምዳቸው ድራይቩ ውስጥ የተጻፈው ሬሾ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ጊሪንግ የምንለው ይኸው ነው።

ማሽኑ ጠዋት ጥሩ ይነሳል። 40 ደቂቃ ያህል ሲሠራ ግን የመንጋጋው ድራይቭ ፎሎዊንግ ኤረር ብሎ ቀጥ ይላል። ይህ ማለት ሞተሩ አሁን ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ ወደኋላ ቀርቷል፣ ልዩነቱም ከተፈቀደው አልፏል ማለት ነው። የተፈቀደው ወሰን 5 ዲግሪ ነበር። የማታ ፈረቃው ልጅ ምርት እንዳይቆም ብሎ 30 አደረገው። ፎልቱ ጠፋ፤ ሁሉም ተደሰተ።

ምክንያቱ ግን እዚያው ነበር። መንጋጋዎቹ የተገጣጠሙት ቀዝቃዛ ሳሉ ነው፣ ክፍተታቸውም ጠባብ ነበር። ብረት ሲግል ያብጣል። 100 ሚሊሜትር ብረት ሙቀቱ በ130 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.15 ሚሊሜትር ይረዝማል። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለሁለት መንጋጋ ግን መላተሚያ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በየዙሩ ሲላተም ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋል። 5 ዲግሪው ያንን ነበር የሚነግረን። ወሰኑ ሲሰፋ ግፊያው ቀጠለ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም በሞተሩና በጊርቦክሱ መካከል ያለው ኮፕሊንግ ተንሸራተተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቦታውን ለድራይቩ የሚነግረው ኢንኮደር ያለው ሞተሩ ጀርባ ላይ ነው። ኮፕሊንግ ሲንሸራተት ሞተሩ የታዘዘበት ቦታ ደርሷልና ድራይቩ ምንም ስህተት አያይም። ስክሪኑ ሰላም ነው፣ ቢላው ግን ቦታው ላይ የለም።

ቀጥሎ ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሆሚንጉ አብዷል፤ አንድ ቀን ልክ ነው፣ አንድ ቀን ብስኩቱን መሃል ለመሃል ይቆርጣል።» አብሽር አልኩትና ከደሴ ወረድኩ።

ሆሚንግ ማሽኑ ሲነሳ መነሻ ዜሮውን የሚፈልግበት መንገድ ነው፤ የዚህ ማሽን እንዲህ ነው። መንጋጋው በዝግታ ይዞራል፣ ዘንጉ ላይ ያለው ሴንሰር ሲበራ ቀጥሎ የሚመጣውን የሞተሩን ዜድ ፐልስ ይጠብቃል፣ እዚያ ላይ ዜሮ ይላል። ፐልሱ በሞተሩ አንድ ዙር አንዴ ብቻ ይመጣል። ኮፕሊንጉ ሲንሸራተት ፐልሱ ሴንሰሩ ከሚበራበት ቦታ ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረውም። አንድ ጠዋት ያገኘዋል፤ ሌላ ጠዋት ለጥቂት ያመልጠውና ሙሉ ዙር ይጠብቃል። ጊርቦክሱ 5 ለ 1 ስለሆነ፣ አንድ የሞተር ዙር መንጋጋው ላይ 72 ዲግሪ ነው። የአንድ ፓኬት ርዝመት 180 ሚሊሜትር ነውና ቢላው 36 ሚሊሜትር ይስታል።

ልጁ ይህን ለማካካስ ሬሾውን ነክቶት ነበር። ሰንሰለቱን ትንሽ ላስቀረው ብሎ በ1/3 ፋንታ 0.333 ጻፈ። ልዩነቱ በአንድ ፓኬት 0.18 ሚሊሜትር ነው። ከ200 ፓኬት በኋላ፣ ሦስት ደቂቃ አለፍ ሲል፣ ቢላው ቦታው ላይ መጣ። ልጁ «ተስተካከለ!» አለ። ቢላው ግን ሳይቆም ቦታውን አልፎት ሄደ። ሳያድግ ባለበት የሚቆይ ስህተት የኦፍሴት ወይም የሆሚንግ ነው፣ እያደገ የሚሄድ ደግሞ የሬሾ ነው። ሬሾውንም ሁልጊዜ በክፍልፋይ ጻፉት፤ 1/3 በነጥብ ቁጥር አያልቅም።

ምርመራውን ከፎልቱ ጀመርን። የስህተቱንና የቶርኩን፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበትን ኃይል፣ ግራፍ አብረን አወጣን። ስህተቱ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ መንጋጋዎቹ በሚገናኙበት፣ ሾል ይላል፤ ቶርኩም በዚያው ቅጽበት ጣሪያ ይነካል። ዙሩን ሙሉ ከፍ ብሎ ቢሆን ቤሪንግ ወይም ጊርቦክስ እጠረጥር ነበር። ቶርኩ ሳይጨምር ስህተቱ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ቢያድግ ደግሞ የጌይን ቅንብሩን አይ ነበር።

ከዚያ ማሽኑን አግለን፣ ዋናውን ማብሪያ ዘግተንና ቆልፈን፣ ክፍተቱን በትኩሱ በፊለር ጌጅ አስተካከልን፤ ጓንት ሳታደርጉ አትሞክሩት። ኮፕሊንጉን ማኑዋሉ በሚለው ልክ አጠበቅን። ሴንሰሩን አንቀሳቅሰን ፐልሱ ከእሱ በኋላ ግማሽ የሞተር ዙር ያህል ርቆ እንዲመጣ አደረግን። ሬሾው 1/3፣ ወሰኑም 5 ሆነ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን አየነው፤ ስህተቱ ከ1 ዲግሪ አላለፈም። ልጁ ያንን ቁጥርና ከሴንሰሩ እስከ ፐልሱ ያለውን ርቀት በማርከር ካቢኔው በር ውስጥ ጻፈው።